«አ» ነው ወይስ «ደ»? የፈረንሳይኛ ግሶችና የማይለዩዋቸው ትንንሽ ቃላት

ሊዮን ከተማ የምትኖር አንዲት ሐበሻ፣ ልጇን ከትምህርት ቤት እየተቀበለች ለምታግዛት ፈረንሳዊት ጎረቤቷ አጭር መልእክት ልትጽፍ ስልኳን አንስታለች እንበል። በልቧ ያለው አማርኛ ይህ ነው፦ «ብዙ ጊዜ ስለ አንቺ አስባለሁ። ፈረንሳይኛ ለመማር ወስኛለሁ። በየቀኑ ለመናገር እሞክራለሁ። አንቺም ችግር ሲገጥምሽ በእኔ ተማመኚ።»

ዋና ዋናዎቹን ቃላት ሁሉ ታውቃቸዋለች። ማሰብ «ፓንሴ» ነው፣ መወሰን «ዴሲዴ»፣ መሞከር «ኤሴዬ»፣ መተማመን «ኮንቴ»። የቀሯት «ስለ»፣ «ለ» እና «በ» ናቸው። ለ«ስለ» ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፈረንሳይኛ «ደ» ነው፣ ለ«ለ» ደግሞ «አ»፣ ለ«በ» «አን»። ስለዚህ እንዲህ ብላ ትጽፋለች፦ «ዠ ፓንስ ደ ትዋ»፣ «ዤ ዴሲዴ አ አፕራንድር»፣ «ዤሴ አ ፓርሌ»፣ «ኮንት አን ምዋ»። ጎረቤቷ መልእክቱ ምን ለማለት እንደፈለገ ይገባታል። ነገር ግን አራቱም ተሳስተዋል። ትክክለኛዎቹ «ዠ ፓንስ አ ትዋ»፣ «ዤ ዴሲዴ ዳፕራንድር»፣ «ዤሴ ደ ፓርሌ» እና «ኮንት ሱር ምዋ» ናቸው።

ፈረንሳይኛውን በፊደላችን የጻፍኩት ቋንቋውን ያልጀመረ አንባቢም እንዲከተለኝ ነው። «ዳፕራንድር» ላይ የተደበቀች «ደ» አለች። ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ሲጀምር «ደ» ድምፅዋን ትጥልና ትጣበቃለች፤ በጆሮ ብቻ ለሚማር ሰው ሳትሰማ የምታልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

በአማርኛም ቢሆን ግስ የራሱን መስተዋድድ ይመርጣል፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምንናገረው ብቻ አይታየንም። በአንድ ሰው ላይ የተቆጣን እንደሆነ «በእሱ ተናደድኩ» እንላለን። ከተጣላን «ከእሱ ጋር ተጣላሁ»፣ ከጠላነው «እሱን ጠላሁት»። ስሜቶቹ ቅርብ ለቅርብ ናቸው፣ መስተዋድዶቹ ግን «በ»፣ «ከ… ጋር» እና «ን» ሆነው ተለያዩ። «ከእሱ ተናደድኩ» የሚል የውጭ ዜጋ ብንሰማ እናርመዋለን፣ ለምን ተብለን ብንጠየቅ ግን የምንሰጠው ምክንያት የለንም። ፈረንሳዩም «ፓንስ ደ ትዋ» ሲባል የሚሰማው ይኸው ነው።

ከአራቱ ግሶች ብዙ የሚያስተምረው «ፓንሴ» ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ።

«ፓንሴ አ» ሲባል ሐሳብ ተነሥቶ ወደ አንድ ሰው ወይም ነገር ይሄዳል። «ዠ ፓንስ አ ማ ሜር» ያለ ሰው እናቱ በሐሳቡ መጥታለች፤ እኛ «እናቴን አስባታለሁ» ወይም «እናቴ ትዝ ትለኛለች» የምንለው ነው። ስለ እናቱ ምን ዓይነት አስተያየት እንዳለው ግን አልነገረንም። «ፓንሴ ደ» የሚጠይቀው ያንን አስተያየት ነው። ከሲኒማ ስንወጣ ጓደኛችን «ኬ ስ ክ ቱ ፓንስ ደ ስ ፊልም?» ብሎ ቢጠይቀን፣ ፊልሙን እንዴት እንዳየነው እንድንነግረው ነው። አማርኛችን «ስለ ፊልሙ ምን ታስባለህ?» ሲል ለሁለቱም «ስለ»ን ይጠቀማልና ልዩነቱ ይሰወርብናል።

ጎረቤቲቱ «ዠ ፓንስ ደ ትዋ» የሚለውን ስታነብ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ የተቆረጠ የሚመስላትም በዚህ ነው። ስለ እሷ የሚታሰበው ምንድን ነው? ጥሩ ወይስ መጥፎ? «ዠ ፓንስ ዱ ቢያን ደ ትዋ» ቢባል ይሞላል፤ «ለአንቺ መልካም አመለካከት አለኝ» ማለት ይሆናል። እንግዲህ «ፓንሴ ደ» ብቻውን አይቆምም፣ ከጎኑ «ምን?» የሚል ጥያቄ ወይም «መልካም»፣ «መጥፎ» የሚል ቃል ይፈልጋል። በተራ ንግግር የሚሰማውም በአብዛኛው በጥያቄ ውስጥ ነው። መልሱ ሲመጣ «ደ» ትቀርና «ክ» ትተካለች፦ «ዠ ፓንስ ኪል ኤ ቦን»፣ «ጥሩ ይመስለኛል»።

ከግሱ በኋላ ሰው ወይም ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ግስ ሲመጣ ደግሞ «ፓንሴ» እንደገና ይከፈላል። «ዠ ፓንስ ፓርቲር ድማን» ያለ ምንም መስተዋድድ ሲነገር «ነገ ልሄድ አስቤአለሁ» ነው፤ ሰውየው ሻንጣውን ሳያዘጋጅ አይቀርም። «ዠ ፓንስ አ ፓርቲር» ካለ ግን መሄድ የሚባለው ሐሳብ በአእምሮው ይመላለሳል እንጂ ገና አልቆረጠም። ይኸው «ፓንሴ አ» በትእዛዝ ሲነገር «እንዳትረሳ» ይሆናል፦ «ፓንስ አ ፌርሜ ላ ፖርት»፣ «በሩን መዝጋት እንዳትረሳ»። ቀጣሪዋ «ፓንሴ አ…» ብላ ማስታወሻ የተወችላት ሠራተኛ፣ «እስቲ አስቢበት» የተባለች ከመሰላት ሥራው ሳይሠራ ያድራል። ቀጣሪዋ የጻፈችው በትሕትና የተነገረ ትእዛዝ ነው።

ይህ ሁሉ ልዩነት ስሙ በተውላጠ ስም ሲተካም አብሮ ይሄዳል። «አ» ከነገር ጋር ሲሆን ሁለቱ ተዋህደው «ኢ» ይሆኑና ከግሱ ፊት ይገባሉ። «ስለ ሥራው እያሰብኩ ነው» ካልን በኋላ «እያሰብኩበት ነው» ለማለት «ዢ ፓንስ» ይባላል። «ደ» ከነገር ጋር ሲሆን ደግሞ «አን» ይሆናል፦ «ኬ ስ ክ ቱ አን ፓንስ?»፣ «ምን ትላለህ በዚህ ነገር?» ሰው ሲሆን ግን «ፓንሴ» አይፈቅድም፤ «ዠ ፓንስ አ ሉዊ» ወይም «ዠ ፓንስ አ ኤል» ብሎ መስተዋድዱንም ሰውየውንም ከኋላ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። «ፓርሌ»፣ መናገር፣ በ«አ» ቢሄድም «ዠ ሉዊ ፓርል» ይላል፣ «አናግረዋለሁ» ለማለት። «ዠ ሉዊ ፓንስ» ግን አይባልም። ብዙ ተማሪ «ፓርሌ»ን አይቶ «ፓንሴ»ንም በዚያው መንገድ ስለሚሰድ፣ ይህን ስሕተት ቋንቋውን ለዓመታት ከተናገረ ሰው አፍ ሳይቀር ትሰሙታላችሁ።

«ኮንቴ» ይቀላል። መሠረታዊ ትርጉሙ መቁጠር ነው፤ ገንዘብ ሲቆጠር መስተዋድድ የለም። «ሱር» ሲጨመርበት መተማመን ይሆናል። «ሱር» «ላይ» ማለት ስለሆነ «ኮንት ሱር ምዋ» ያለ ሰው ሸክሙን በእኔ ላይ ጣለው እንዳለ ያህል ነው፤ እኛም «እምነቴን በእሱ ላይ ጣልኩ» ስንል ወደዚያው እንቀርባለን። የሚተማመኑበት ሥራ ከኋላ ሲመጣ «ፑር» ይገባል፦ «ዠ ኮንት ሱር ትዋ ፑር ሜዴ»፣ «እንደምትረዳኝ ተማምኜብሃለሁ»። «ሱር» ወጥታ ግስ በቀጥታ ሲከተል ግን መተማመኑ ይጠፋና ዕቅድ ይቀራል፦ «ዠ ኮንት ፓርቲር»፣ «ለመሄድ አስቤአለሁ»። «ኮንቴ አቬክ» የሚል ሦስተኛም አለ፤ አንድን ሰው ወይም ሁኔታ ከግምት አስገብቶ መንቀሳቀስ ማለት ነው። በአንዲት ትንሽ ቃል ለውጥ አንዱ ግስ ሦስት ሥራ ሠራ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል እንምጣ፤ ከግስ በኋላ ሌላ ግስ ሲከተል «አ» ትግባ ወይስ «ደ»? ሁለተኛው ግስ ሁልጊዜ ባልተገሰሰው ቅርጹ፣ አማርኛ በ«መ» ጀምሮ «መሄድ»፣ «መናገር» በሚለው፣ የሰዋስው ሰዎች ንዑስ አንቀጽ በሚሉት መልክ ይመጣል። በፊቱ «አ» የሚፈልግ ግስ አለ፣ «ደ» የሚፈልግ አለ፣ ምንም የማይፈልግም አለ። መጽሐፎቹ ሦስቱን ወገን በሦስት ረጃጅም ዝርዝር ደርድረው፣ በፊደል ተራ፣ «በቃል አጥኑ» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ዝርዝሩ ውሸት ሆኖ አይደለም፤ በፊደል ተራ ሲደረደር ግን ቤተሰብ የሆኑ ግሶች ተበታትነው፣ ያለውም ሥርዓት አብሮ ይጠፋል።

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ትምህርት ባዶ እጁን አይመጣም። «ለመማር ተዘጋጀ» እንላለን፣ «ከመናገር ተቆጠበ» እንላለን። አንደኛው ወደ ሥራው ያቀናል፣ ሁለተኛው ከሥራው ይሸሻል። ፈረንሳይኛ «አ» እና «ደ» የተወለዱት «ወደ» የሚል ትርጉም ካለው ላቲን «አድ» እና «ከ» የሚል ትርጉም ካለው ላቲን «ዴ» ነው። ስለዚህ «ለመማር ተዘጋጀ» «ስ ፕሬፓሬ አ» ሲሆን፣ «ለመናገር አመነታ» «ኤዚቴ አ» ሲሆን፣ «ከማጨስ ተቆጠበ» «ሳብስተኒር ደ» ሲሆን፣ «ከመግባት ከለከለው» «አንፔሼ ደ» ሲሆን ልባችን ወዲያው ይቀበለዋል። «ቨኒር ደ» የሚባለው አነጋገርም ከዚህ ጎራ ነው፤ «ቨኒር» መምጣት ነውና «ዠ ቪየን ደ ማንዤ» ያለ ሰው ከመብላት መጣሁ ያለ ያህል ነው፣ ትርጉሙም «አሁን መብላቴ ነው»።

ይህ የ«ለ» እና የ«ከ» ስሜት ብዙ ያግዛል፣ ብዙም ያሳስታል። የሊዮኗን እናት ያሳሳታትም እሱ ነው። «ለመማር ወሰንኩ»፣ «ለመናገር ሞከርኩ»፣ «ለመርዳት ቃል ገባሁ»፣ «ለመምጣት ተስማማሁ» የሚሉት ሁሉ በአማርኛ «ለ» አላቸው፣ አቅጣጫቸውም ወደ ፊት ነው። በፈረንሳይኛ ግን «ዴሲዴ»፣ «ኤሴዬ»፣ «ፕሮሜትር» እና «አክሴፕቴ» አራቱም «ደ» ይወስዳሉ። በተቃራኒው «መሄዱን ተወው» የሚለው ፊቱን ያዞረ ግስ፣ «ረኖንሴ»፣ «አ» ይወስዳል። በአቅጣጫ ብቻ የሄደ ሰው እዚህ ላይ ገደል ይገባል።

ከአቅጣጫ የተሻለ ምስክር አለ፤ ግሱ ራሱ ከስም ጋር ሲሆን የሚያደርገው ነገር ነው። ግሱን ከመጠርጠር በፊት ቀለል ያለ ስም አስከትሉለትና ምን እንደሚፈልግ ተመልከቱ። ያ ስም በፊቱ «አ» ከፈለገ ንዑስ አንቀጹም «አ» ይፈልጋል። «ደ» ከፈለገ እሱም «ደ»። ስሙ ያለ መስተዋድድ በቀጥታ ከተቀመጠ ደግሞ ንዑስ አንቀጹ በአብዛኛው «ደ» ይወስዳል።

በሞከርነው እንየው። አንድን ጉዞ ሲተዉት «ረኖንሴ አ ስ ቮያዥ» ይባላል፤ ስሙ «አ» ስለያዘ መሄድን መተውም «ረኖንሴ አ ፓርቲር» ሆነ። ምሥጢሩ ተፈታ፤ የግሱ ትርጉም ወደ ኋላ ማፈግፈጉ ምንም ሥራ አልሠራም። ስለ አንድ ቤት ማለም «ሬቬ ዱን ሜዞን» ነው፣ «ደ» አለበት፤ ስለዚህ መሄድን ማለም «ሬቬ ደ ፓርቲር» ነው። አሁን «ኤሴዬ»ን እንየው። አንድን ጫማ መሞከር «ኤሴዬ» እና ጫማው ብቻ ነው፣ በመካከል ምንም የለም። ስለዚህ መናገርን መሞከር «ኤሴዬ ደ ፓርሌ» ሆነ። «ፕሮሜትር»ም ስጦታን በቀጥታ ቃል ይገባል፣ «አክሴፕቴ»ም ግብዣን በቀጥታ ይቀበላል፣ «ረፉዜ»ም በቀጥታ እምቢ ይላል፣ «ኡብሊዬ»ም ቁልፉን በቀጥታ ይረሳል። አምስቱም ግስ ሲከተላቸው «ደ» ይላሉ።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። በ«ኤሴዬ ደ ፓርሌ» ውስጥ ያለችው «ደ» የ«ከ»ን ትርጉም ጨርሳ ጥላለች። የምትሠራው ሥራ «ከዚህ በኋላ ንዑስ አንቀጽ ይመጣል» ብሎ ማመልከት ብቻ ነው። «ሬቬ ደ ፓርቲር» ላይ ያለችው ግን እውነተኛ መስተዋድድ ናት። ሁለቱ በጽሑፍ አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ ልዩነታቸው በተውላጠ ስም ሲተኩ ይወጣል። መሄድን ማለም ሲተካ «ዣን ሬቭ» ይሆናል፤ «አን» የገባችው እውነተኛዋን «ደ» ተሸክማ ነው። መሄድን መወሰን ሲተካ ግን «ዠ ሌ ዴሲዴ» ይባላል፣ «ወሰንኩት»፤ ተራ ተሳቢ ገብቶ «ደ» ያለ ፈለግ ጠፋች። በሩን መክፈት ተሳክቶለት «ተሳካልኝ» የሚል ሰው ደግሞ «ዢ ኤ ሬዩሲ» ይላል፣ የ«ሬዩሲር አ»ን «አ» በ«ኢ» ይዞ። እንግዲህ «ኢ»፣ «አን» ወይም ተራ ተሳቢ መሆኑን የሰማ ጆሮ ግሱ የየትኛው ወገን እንደሆነ አወቀ ማለት ነው።

ይኸው መንገድ ሌላ ትልቅ ራስ ምታትም ያቃልላል፤ ግስ ሰውንም ሥራንም አንድ ላይ ሲይዝ። «ማሪን እንድትመጣ ጠየቅኋት» የሚለው «ድማንዴ አ ማሪ ደ ቨኒር» ሲሆን፣ «ማሪን እንድትመጣ ጋበዝኳት» የሚለው «ኤንቪቴ ማሪ አ ቨኒር» ነው። በአማርኛ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። በፈረንሳይኛ ግን በመጀመሪያው «አ» ከማሪ ጋር፣ «ደ» ከመምጣት ጋር ሆነ፤ በሁለተኛው ማሪ ያለ ምንም ቀርታ «አ» ወደ መምጣት ሄደች። በስም ሞክሩት። እርዳታን ከማሪ ስንጠይቅ የሚጠየቀው እርዳታው ነው፣ እሱ በቀጥታ ይቀመጣል፣ ማሪ «አ» ትወስዳለች። ስለዚህ በእርዳታው ቦታ ግስ ሲገባ «ደ» ይላል። ስንጋብዝ ግን በቀጥታ የምትጋበዘው ማሪ ናት፣ ግብዣው «አ» ይዞ ይመጣል፣ ወደ እራት፣ ወደ ሠርግ። በእራቱ ቦታ ግስ ሲገባ ያው «አ» ይቀጥላል።

በዚህ ሚዛን «ዲር»፣ «ፔርሜትር»፣ «ፕሮሜትር» እና «ኮንሴዬ» ከ«ድማንዴ» ጎን ይቆማሉ፤ ነገሩን በቀጥታ ይይዛሉ፣ ሰውየውን በ«አ»። «ኦብሊዤ» እና «አንኩራዤ» ከ«ኤንቪቴ» ጋር ናቸው። «አኩዜ»፣ መክሰስ፣ ሰውየውን በቀጥታ ይይዝና ወንጀሉን በ«ደ» ያመጣል፤ «ሰረቀ ብሎ ከሰሰው» ሲባልም ስርቆቱ በግስ መልክ በ«ደ» ይመጣል።

አንድ ግስ ራሱን በራሱ ላይ ሲመልስም ይኸው ሚዛን ይሠራል። «ዴሲዴ ደ ፓርቲር» ነው ብለናል። ብዙ ሲያመነታ ቆይቶ በመጨረሻ ቆርጦ የተነሣ ሰው ግን «ስ ዴሲዴ አ ፓርቲር» ይባላል። ተማሪው ግራ ይጋባል፣ አንዱ ግስ ሁለት ፊት ሆነበት። በስም ስናየው ግን «ዴሲዴ» አንድን ነገር በቀጥታ ይወስናል፣ «ስ ዴሲዴ» ግን ራስን ወደ አንድ ነገር ያመጣልና «አ» ያስፈልገዋል። «ረፉዜ ደ» እና «ስ ረፉዜ አ» ደግሞ ልክ እንደዚሁ ናቸው።

ሚዛኑ የማይሠራባቸው ግሶች አሉ፣ ደግነቱ በዕለታዊ ንግግር ጥቂት ናቸው። «አፕራንድር»፣ «ኮማንሴ» እና «ሼርሼ» ስምን በቀጥታ ይይዛሉ፤ በደንቡ «ደ» መውሰድ ሲገባቸው «አ» ይወስዳሉ፦ «አፕራንድር አ ናዤ»፣ ዋና መማር፤ «ኮማንሴ አ ፓርሌ»፣ መናገር መጀመር። የ«ወደ» ስሜት ደንቡን ያሸነፈው እዚህ ላይ ነው፣ ሦስቱም ገና ወደሚመጣ ሥራ የሚንጠራሩ ናቸው። ሌሎች ደግሞ «አ»ንም «ደ»ንም አይቀበሉም፦ «ቩልዋር» መፈለግ፣ «ፑቭዋር» መቻል፣ «ደቭዋር» ግዴታ መኖር፣ «ሳቭዋር» ማወቅ፣ «ኤሜ» መውደድ፣ «ኤስፔሬ» ተስፋ ማድረግ። እነዚህን ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሚለምዳቸው ብዙ አያስቸግሩም። «ኦብሊዤ» ግን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሌላው ሲያስገድደኝ «ኢል ሞብሊዥ አ ፓርቲር» ነው። «ለመሄድ ተገድጃለሁ» ስል ግን «ዠ ስዊ ኦብሊዤ ደ ፓርቲር» እላለሁ፤ አስገዳጁ ሲሰወር «አ» በ«ደ» ተተካች። የመኖሪያ ፈቃድም ሆነ የሥራ ውል ደብዳቤ የሚያነብ ስደተኛ ሁለቱንም በአንድ ገጽ ሊያገኛቸው ይችላል።

እነዚህ ልዩ ሁኔታዎች የቋንቋው ታሪክ ቅሪቶች ናቸው። ላቲን በሁለት ግሶች መካከል መስተዋድድ አያስገባም ነበር ለማለት ይቻላል፤ ልማዱ የመጣው ከላቲን በተወለዱት ቋንቋዎች ነው። በጥንቱ ፈረንሳይኛ አንዱ ግስ አንዳንዴ «አ»፣ አንዳንዴ «ደ» ይወስድ ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን የፈረንሳይ አካዳሚ በ1635 ሲመሠረት፣ ቮዥላም በ1647 የቋንቋ አስተያየቶቹን ሲያሳትም፣ የቤተ መንግሥቱን አነጋገር መለኪያ አድርጎ አንዱን ቅርጽ መምረጥና ሌላውን መጣል ትልቅ ሥራ ሆነ። ያኔ «ታሼ አ» ይባል የነበረው፣ መጣጣር፣ ዛሬ በተለመደው አነጋገር «ታሼ ደ» ነው። «ኮማንሴ ደ» ግን ሙሉ በሙሉ አልሞተም፣ በሥነ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። «ኮንቲኑዌ» ደግሞ እስከ ዛሬ ሁለቱንም ይቀበላል፤ «ኮንቲኑዌ አ» ያለውም «ኮንቲኑዌ ደ» ያለውም አልተሳሳተም። ቤልጅየማዊው ሞሪስ ግሬቪስ በ1936 ያወጣው ትልቁ የሰዋስው መጽሐፍ «ለ ቦን ኡዛዥ» እንደነዚህ ያሉትን ግሶች የደራስያንን አጠቃቀም እያሳየ ያትታል። ያንን ገልጦ ያየ ሰው መምህሩ «ስሕተት» ያለው ነገር ሁሉ ስሕተት እንዳልነበረ ይረዳል።

በጽሑፍ ላይ ብቻ የምትታይ አንዲት ወጥመድ ልጥቀስ። ፈረንሳይኛ «ደ» ከ«ለ» ጋር ሲገናኝ «ዱ»፣ «አ» ከ«ለ» ጋር ሲገናኝ «ኦ» እንደሚሆን ተማሪ ገና በጠዋቱ ይማራል። ይህ የሚሆነው «ለ» የስም መነሻ ስትሆን ነው። «እሱን» የሚል ተሳቢ ስትሆን ግን መጣበቅ ክልክል ነው፦ «ዤሴ ደ ለ ፌር»፣ «ላደርገው እሞክራለሁ»። «ዤሴ ዱ ፌር» ብሎ የጻፈ ሰው ደንቡን ከልክ በላይ ተማረው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ከ«ለ» በኋላ ያለው ቃል ግስ ከሆነ አታጣብቁ።

«አ» እና «ደ» ብቻ አይደሉም የሚፎካከሩት። «ፊኒር ደ ማንዤ» በልቶ መጨረስ ነው። «ፊኒር ፓር ማንዤ» ግን ብዙ ካንገራገረ በኋላ በመጨረሻ በላ ማለት ነው፤ አልበላም ሲል የዋለ ልጅ ማታ ላይ እናቱን ሲያስደስት። ልጁ በልቶ ላይጨርስ ይችላል፣ መብላት መጀመሩ ብቻ ነው የተነገረው። ለሐኪም ወይም ለፖሊስ ነገር ሲያስረዱ «ደ»ን በ«ፓር» መቀየር ታሪኩን ይቀይረዋል፤ «ነግሮኝ ጨረሰ» እና «በመጨረሻ ነገረኝ» አንድ አይደሉም።

አዲስ ግስ ሲያጋጥም መዝገበ ቃላት ገልጦ ትርጉሙን ብቻ አይቶ መዝጋት የተለመደ ነው። ደህና የሆነ የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት ግን ከትርጉሙ ጎን «አንድ ነገር»፣ «አንድ ሰው» የሚሉትን ቃላት አሳጥሮ ያስቀምጣል፣ በፊታቸውም «አ» ወይም «ደ» መኖር አለመኖሩን ያሳያል። ለዚህ ጉዳይ ከትርጉሙ ይልቅ የሚያስፈልጋችሁ ያ ነው። በደብተራችሁ ለአንዱ ግስ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉለት፣ አንዱ ከስም ጋር፣ ሌላው ከንዑስ አንቀጽ ጋር፣ ከራሳችሁ ኑሮ። ለ«ረኖንሴ» አንዱ ስኳርን ስለመተው፣ ሌላው ማጨስን ስለመተው ቢሆን፦ «ዠ ረኖንስ ኦ ሱክር»፣ «ዠ ረኖንስ አ ፉሜ»። ሁለቱ ሲስማሙ ግሱን በሚዛኑ መተንበይ ይቻላልና ወደሚቀጥለው እለፉ። ሲለያዩ፣ እንደ «ኮማንሴ ስ ሊቭር» እና «ኮማንሴ አ ሊር»፣ መጽሐፉን መጀመርና ማንበብ መጀመር፣ ያንን ግስ ለብቻው በሌላ ገጽ መዝግቡት፤ በቃል መያዝ ያለበት እሱ ነው።